የ11 ሚሊዮን ዝርዝር፣ የ2.5 ሚሊዮን በጀት፦ የትኛው መለዋወጫ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ?

ፈረቃ መሪው

ሰላም ለዚህ ቤት። የምሠራው የታሸገ ውሃ ፋብሪካ ውስጥ ነው፣ የጥገና ኃላፊ ነኝ። ያለን አንድ መስመር ብቻ ነው። ጠርሙስ የሚነፋ ማሽን፣ ሞልቶ የሚከድን፣ ሌብል የሚለጥፍ፣ መጨረሻ ላይ በፕላስቲክ የሚጠቀልል። ለመንፊያው አየር የሚሰጥ ባለ 40 ባር ኮምፕሬሰርም አለ። እሱም አንድ ነው።

ባለፈው ወር የመንፊያው አንድ ሰርቮ ድራይቭ፣ ሞተር የሚቆጣጠር የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ፣ ተቃጠለ። ዕቃው በሰው ሻንጣ ከውጭ እስኪገባ 19 ቀን ቆምን። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ጠርተው «ሁለተኛ እንዲህ እንዳይሆን 2.5 ሚሊዮን ብር እመድባለሁ፣ የሚያስፈልገውን ዘርዝረህ አምጣ» አሉኝ።

የማሽኑ አምራች «ያዙ» ብሎ የላከው ዝርዝር ነበረን። አወጣሁት። 340 ዓይነት ዕቃ ነው። በዛሬ ምንዛሪ ሲሰላ ከ11 ሚሊዮን ብር ያልፋል። ሁለት ሌሊት እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩበት። ሁሉም አስፈላጊ መሰለኝ። በምን ልቁረጠው? ለመረጃ ያህል፣ አንድ ቀን ስንቆም የጥሬ ዕቃው ወጪ ተቀንሶ ወደ 180,000 ብር እናጣለን።

ኢሱዙ ጋራዥ

ወንድሜ በርታ። እኔም ከጋራዤ ጎን የመለዋወጫ ሱቅ ልከፍት ነው፣ ጥያቄህ የእኔም ጥያቄ ነው። እስካሁን ያየሁት ፍሬን ሸራ፣ ፍሪሲዮንና ፊልትሮ ቶሎ ቶሎ ይሄዳል። የሞተር ብሎክ ይዞ የተቀመጠ ሰው ግን ገንዘቡን አስሮ ነው የቀረው። ቶሎ የሚሸጠውን ያዝ።

ፈረቃ መሪው

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ግን እኔ ለመሸጥ አይደለም። ማሽናችን ቢበላሽ የሚተካ ነው የምፈልገው።

ቢን ካርድ

በንብረት ክፍል 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ነገሩን አታወሳስቡት። የሦስት ዓመት ወጪ አውጣ። ምን ዕቃ ስንት ጊዜ እንደወጣ ከቢን ካርዱ ታየዋለህ። በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ የወጣውን ያዝ። ሁለት ዓመት ያልተነካውን አትግዛ፣ ያለህንም ሽጠው። ውድ የሆነውን ደግሞ በጥንቃቄ እየው፣ ብዙውን ጊዜ 10 በመቶ የሚሆነው ዕቃ ነው አብዛኛውን ገንዘብ የሚይዘው። እኛ ጋ በዚህ መንገድ ስቶሩ በግማሽ ቀነሰ።

ፈረቃ መሪው

ቢን ካርድ፣ ያቆመን ሰርቮ ድራይቭ እኮ ማሽኑ ከተተከለ ጀምሮ ስድስት ዓመት አንድ ጊዜም አልወጣም። በአንተ መንገድ ቢሆን መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነበር።

አሮጌው ጥገና

ልጄ ጥያቄህ ጥሩ ነው። እኔ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥገና ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ቢን ካርድ የተናገረው ለጓንት፣ ለቺንጋ፣ ለፊልትሮ፣ ለግራሶ ልክ ነው። እነዚህ በየጊዜው ያልቃሉ፣ የትናንቱ ወጪ የነገውን ይነግርሃል። መስመር የሚያቆም ዕቃ ግን በካርዱ ላይ ታሪክ የለውም። ታሪክ የጻፈ ቀን ፋብሪካው ቆሟል።

እኔ እያንዳንዱን ዕቃ ይዤ የምጠይቀው እንዲህ ነው። ይሄ አሁን ቢሰበር ምን ይቆማል? ከመሰበሩ በፊት ይነግረኛል ወይ? ከነገረኝስ፣ የሚሰጠኝ ጊዜ ዕቃውን ለማስመጣት ይበቃል? በመጨረሻ ደግሞ ዕቃው ባይኖረኝ በዚያን ቀን በእውነት ምን አደርጋለሁ? ሰዎች የሚሳሳቱት መጨረሻው ላይ ነው። «ይሄ ጊርቦክስ ለመምጣት ስምንት ወር ይፈጃል፣ ስለዚህ ስምንት ወር እንቆማለን» ይላሉ። ስምንት ወር እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ፋብሪካ አላየሁም። አውርደህ ቶርኖ ቤት ትወስደዋለህ፣ ጥርሱ ይቆረጣል፣ በሳምንት በአሥር ቀን ትነሳለህ። ስለዚህ የምታወዳድረው ከስምንት ወር ጋር ሳይሆን ከስምንት ቀን ጋር ነው።

የአንተን ሁለት ዕቃ እናስላ። ድራይቩ ስንት ነው? ስንት ተመሳሳይ አላችሁ? የዋናው ጊርቦክስ ዋጋስ?

ፈረቃ መሪው

እሺ ጋሼ። ድራይቩ 450,000 ብር ነው። መንፊያው ላይ አምስት ተመሳሳይ አሉ። የመንፊያው ዋና ጊርቦክስ ደግሞ 900,000 ብር ነው፣ አንድ ብቻ።

አሮጌው ጥገና

በድራይቩ ልጀምር። ኤሌክትሮኒክስ አይጮህም፣ አይግልም፣ ዘይት አያንጠባጥብም። ትናንት ሲሠራ ነበር፣ ዛሬ ሞተ። አገር ውስጥ የሚጠግን ብታገኝ መልካም ነው፣ ግን ፋብሪካ በዚያ ተስፋ አይተዳደርም። አንዱ በአማካይ ስምንት ዓመት ይቆያል እንበል። አምስት ስለሆኑ ከአምስቱ አንዱ በየዓመት ተኩሉ ገደማ ይሞታል ማለት ነው። አንድ ትርፍ ብትይዝ አምስቱንም ይጠብቅልሃል። ካልያዝክ በሻንጣ ሃያ ቀን ነው። 180,000 በሃያ ቀን 3.6 ሚሊዮን ብር ነው። ገንዘብ አስሮ መያዝ ደግሞ፣ የባንክ ወለዱንም መበላሸቱንም ጨምረን ከዋጋው 20 በመቶ እንቁጠረው፣ በዓመት 90,000 ብር። እዚህ ላይ ማሰብም አያስፈልግም፣ ነገ ግዛ።

ወደ ጊርቦክሱ። ይሄኛው ይናገራል። ዘይቱን ስታወርድ ማግኔቱ ላይ ብናኝ ታያለህ፣ ድምፁ ይቀየራል፣ ይግላል። ብዙ ሳምንት ቀድመህ ታውቃለህ። ድንገት ጥርስ ቢበላ እንኳ በቶርኖ ቤት ስምንት ቀን ነው፣ 1.44 ሚሊዮን ብር ታጣለህ። በሃያ ዓመት አንዴ የሚሆን ከሆነ በዓመት ሲካፈል 72,000 ብር ነው። መያዙ ግን በዓመት 180,000 ያስወጣሃል። አትግዛው። በምትኩ የውስጡን ኩሽኔታዎችና ኦይልሲሎች ያዝ፣ ብዙ ዋጋ የላቸውም። ሌላም ሥራ አለ፣ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። በቀጣዩ ትልቅ ጥገና ጊርቦክሱ ሲከፈት የጥርሶቹን ቁጥር፣ የውጭ ዲያሜትር፣ ውፍረቱን፣ የሻፍቱን ልክና የቁልፍ ቦታውን ለክተህ በወረቀት አስቀምጥ። የተበላ ጥርስ ለክቶ መቁረጥ ግምት ነው። ጤነኛውን ለክተህ ካስቀመጥክ ግን ቶርኖ ቤቱ በተመሳሳይ ቀን ሥራ ይጀምራል።

ቢን ካርድ

ጋሼ በአክብሮት ልጠይቅ። ሃያ ዓመት የሚለው ከየት መጣ? ስምንት ዓመትስ? ቁጥሩን እንደፈለጉ ካስገቡት የፈለጉት መልስ ይወጣል።

አሮጌው ጥገና

ልክ ጠየቅህ። ትክክለኛውን ቁጥር ማንም አያውቀውም። ስለዚህ ሒሳቡን ገልብጠው። ጊርቦክሱን መያዝ የሚያዋጣው በስንት ዓመት አንዴ ቢሰበር ነው? 1.44 ሚሊዮንን ለ180,000 አካፍል። ስምንት ይመጣል። አሁን ጥያቄው «ስንት ዓመት ይቆያል?» መሆኑ ቀረ። «በየስምንት ዓመቱ ይሰበራል ወይስ ከዚያ በላይ ይቆያል?» ሆነ። ይሄን ማሽኑን የሚያውቅ ሜካኒክ ይመልሰዋል። ዘይቱ በሰዓቱ ከተቀየረ ስምንት ዓመት ለጊርቦክስ ምንም አይደለም። ድራይቩንም ገልብጠው፣ ከአምስቱ አንዱ በአርባ ዓመት አንዴ ብቻ ቢሞት ነው መያዙ የማያዋጣው። ያ ማለት እያንዳንዱ በአማካይ ሁለት መቶ ዓመት መኖር አለበት፣ እንዲህ ያለ ድራይቭ የለም።

የፓነሏ ልጅ

ጋሼ ስለ ድራይቩ ያሉት ልክ ነው። እኔ ኤሌክትሪሺያን ነኝ። አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ደርሶብኛል።

በፊት የምሠራበት ፋብሪካ ትርፍ ፒኤልሲ፣ ማሽኑን የሚያዝ ኮምፒውተር፣ ነበረን። በካርቶኑ፣ በፕላስቲኩ፣ ንጹሕ። ዋናው ሲሞት ደስ ብሎን አወጣነው። ገጠምነው፣ መብራቱ በራ፣ ማሽኑ ግን ዝም። ለካ ፕሮግራሙ ማንም ጋ የለም። ማሽኑን የተከለው ቴክኒሺያን በላፕቶፑ ይዞት ሄዷል። አምራቹ ፕሮግራሙን እስኪልክልን 12 ቀን ቆምን። ትርፉ ዕቃ መደርደሪያ ላይ ነበር፣ እኛ ግን ትርፍ አልነበረንም።

ስለዚህ ድራይቭ ስትገዛ የአሁኑን ድራይቭ ፓራሜተሮች ዛሬውኑ አውርድና በሁለት ቦታ አስቀምጥ። ኬብሉና ሶፍትዌሩም በእጅህ መኖሩን አረጋግጥ። የፒኤልሲውንና የስክሪኑን ፕሮግራም እንዲሁ። ማውረድ የሚከለክል የይለፍ ቃል ካለ አሁን አምራቹን ጠይቀው። ማሽኑ የቆመ ቀን አይደለም።

ሌላው ድራይቭ ውስጥ ያሉት ትላልቅ ካፓሲተሮች ናቸው። ከዓመት በላይ ያለ ኃይል ከተቀመጡ ውስጣቸው ይዳከማል። ድንገት ሙሉ ቮልቴጅ ሲሰጣቸው ሊፈነዱ ይችላሉ። በዓመት አንዴ አውጥተህ እንደ አምራቹ መመሪያ ለጥቂት ሰዓት ኃይል ስጠው። እኔ ካርቶኑ ላይ ቀኑን በማርከር እጽፋለሁ።

ፈረቃ መሪው

እህቴ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ፕሮግራሙን አሁን ሄጄ ጠየቅሁ። ማንም ጋ የለም። ነገ ለአምራቹ እጽፋለሁ።

ከሻርጃ

ሰላም ወገኖች። እኔ ሻርጃ ወርክሾፕ ውስጥ ነኝ። እኛ ጋ መደርደሪያችን ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ኩሽኔታ ከፈለግሁ ስልክ እደውላለሁ፣ በሁለት ሰዓት ይመጣል። አንዳንድ አቅራቢዎች ዕቃቸውን እኛ ስቶር አስቀምጠው ስንጠቀም ብቻ ያስከፍሉናል። ለምን እንዲህ ዓይነት ስምምነት አትሞክሩም?

ፈረቃ መሪው

ወንድሜ ያ እዚህ አይሆንም። ለአንድ ልዩ ዕቃ ፕሮፎርማ፣ ባንክ፣ ጉምሩክ እያልን አምስት ወር እንፈጃለን። መርካቶ የሚገኘው ሌላ ጉዳይ ነው።

ከሻርጃ

ገባኝ። እንግዲያው ይሄን ልንገርህ። ከዝርዝሩ ላይ የአምራቹን ኮድ ትተህ ዕቃውን ራሱን እየው። ማሽን አምራች ኩሽኔታ አይሠራም፣ ገዝቶ የራሱን ቁጥር ይለጥፍበታል። ዝርዝሩ ላይ አሥር አኃዝ ያለው ኮድ ሆኖ ታየዋለህ። ማሽኑ ላይ ያለውን ብታጸዳው ግን ጠርዙ ላይ 6308 ወይም 6205 የሚል ተቀርጿል። ያ ደግሞ በየትም ይገኛል። ቺንጋውም እንዲሁ፣ ጀርባው ላይ ዓይነቱና ርዝመቱ ተጽፏል። ሴንሰር፣ ኮንታክተር፣ የአየር ሲሊንደር፣ ብዙው የታወቀ ዕቃ ነው። የ340ው ዝርዝር በአንድ ሳምንት ይሟሽሽልሃል። ኦሪጅናል መሆኑን ግን ከታመነ አስመጪ አረጋግጥ፣ የኩሽኔታ ፎርጅድ በየገበያው አለ።

ፈረቃ መሪው

ከሦስት ቀን በኋላ ተመለስኩ። ከሁለት ልጆች ጋር ጨርቅና ባትሪ ይዘን ማሽኑ ውስጥ ገባን። ከ340ው 131ዱ የታወቀ ዕቃ ሆኖ ተገኘ። አንድ ኩሽኔታ አምራቹ የጠየቀበት ዋጋ መርካቶ ከሚሸጥበት ሦስት እጥፍ ነው፣ ያው ቁጥር፣ ያው ስም። 60 የሚሆኑት ደግሞ ቢሰበሩም መስመሩን አያቆሙም፣ ሽፋን፣ መብራት፣ የበር ማጠፊያ ዓይነት ነገር ናቸው።

አሁን የተቸገርኩት በመንፊያው ምድጃ ውስጥ ፕላስቲኩን በሚያሞቁት መብራቶች ነው። በዓመት 8 ያህል ይቃጠላሉ። ለማስመጣት ስድስት ወር ነው። በስድስት ወር 4 ስለሚቃጠል 4 ሲቀር ብናዝ ይበቃል አይደል?

ቢን ካርድ

ይበቃል። የማዘዣ ነጥብ ማለት ይሄው ነው፣ ወጪ ሲባዛ በማስመጫ ጊዜ።

አሮጌው ጥገና

አይበቃም። አራት አማካይ ነው። በአንዱ ስድስት ወር ሁለት፣ በሌላው ስድስት ሊቃጠል ይችላል። አማካዩን ብቻ ከያዝክ ከአሥር ጊዜ አራቱን ያህል ዕቃው ሳይደርስ ያልቅብሃል። 7 ሲቀር ብታዝ ግን ይሄ ወደ ሃያ ጊዜ አንዴ ይወርዳል። ልዩነቱ ሦስት መብራት ነው። ማዘዣ ነጥብህን 7 አድርገው።

አንድ ነገር ግን አለ። ይሄ ሒሳብ የሚሠራው መብራቶቹ አንዱ ከሌላው ጋር ሳይገናኝ፣ በየራሳቸው ጊዜ ሲቃጠሉ ነው። በአንድ ሳምንት ሦስት ከተቃጠለ መብራት አትቁጠር፣ ምድጃውን ክፈት። የማቀዝቀዣው አየር ማራገቢያ ፊልትሮ ተዘግቶ የመብራቱ ጫፍ ግሎ ሊሆን ይችላል። ልጆቹ መብራቱን በባዶ እጅ ይዘው ገጥመውትም ሊሆን ይችላል። የጣት ቅባት መስተዋቱን እዚያው ቦታ ላይ ያቃጥለዋል። በንጹሕ ጓንት ይያዝ፣ ከተነካም በአልኮል ይጠረግ።

የፓነሏ ልጅ

ጋሼ ልቃወም። መብራት መስመር ያቆማል ወይ? አንዱ ሲቃጠል የጎረቤቶቹን ኃይል ከፍ አድርጌ ጠርሙሱን አስተካክዬ አውቃለሁ። ሁለት ሦስት ሳምንት ሠርተናል። ሰባት መያዝ አይበዛም?

አሮጌው ጥገና

አንድ ከሆነ ልክ ነሽ ልጄ። ሁለት ጎን ለጎን ከጠፋ ግን የጠርሙሱ ግድግዳ አንድ ቦታ ይወፍራል፣ ሌላው ይሳሳል፣ ታቹ ይቀደዳል። የሚጣለውን ጠርሙስ ቁጠሪና ከመብራቱ ዋጋ ጋር አወዳድሪው። መብራቱ ርካሽ ስለሆነ ነው ሰባት ያልኩት። ውድ ቢሆን ኖሮ አንቺ ያልሽውን እከተል ነበር።

ቢን ካርድ

በመብራቱ ተሸንፌያለሁ። ግን ጋሼ ዕቃ ለመያዝ በቆጠሩት 20 በመቶ ላይ አልስማማም፣ በተቃራኒ አቅጣጫ። 2016 ሐምሌ ላይ ምንዛሪው ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ ከ100 በላይ ወጣ። ከዚያ በፊት ጊርቦክስ ገዝቶ ያስቀመጠ ሰው ዛሬ በእጥፍ ዋጋ ነው የያዘው። በእኛ አገር መለዋወጫ መያዝ ወጪ ነው ወይስ ቁጠባ? በዚህ ዓይን ከታየ 900,000ውን ጊርቦክስ መግዛት ይሻላል።

ከሻርጃ

ቁጠባ የሚሆነው መሸጥ ሲቻል ነው። የአንድ ማሽን ጊርቦክስ ማን ይገዛሃል?

ቢን ካርድ

መሸጥ አይደለም ያልኩት፣ በኋላ በውድ ከመግዛት መዳን ነው።

አሮጌው ጥገና

ሁለታችሁም ነጥብ አላችሁ፣ እኔ በዚህ ላይ ቁርጥ ያለ መልስ የለኝም። ገንዘቡ ውስን ስለሆነ ግን 900,000ው ለጊርቦክስ ከሄደ ድራይቩና ፒኤልሲው ላይ ይጎድላል። መጀመሪያ ሳይናገር የሚሞተውን ሸፍን፣ ከተረፈ እናያለን።

ስለ አቀማመጥ ግን አንድ ነገር ልንገርህ። አንድ ፋብሪካ ውስጥ ትርፍ ሞተር ሰባት ዓመት ያዝን። ቦታ ስለሌለ ኮምፕሬሰሩ ጎን ወለል ላይ ነበር የተቀመጠው። በተገጠመ በሦስተኛው ቀን መጮኽ ጀመረ። ኩሽኔታውን ስንከፍተው የውጪው ቀለበት ላይ ትናንሽ ጠባሳዎች፣ እኩል እኩል ርቀት፣ ልክ ኳሶቹ በተቀመጡበት ልክ። ሳይዞር ቆሞ፣ የኮምፕሬሰሩ ንዝረት ሰባት ዓመት ሲቀጠቅጠው ነበር። ሞተር ከያዝክ ከሚንቀጠቀጥ ማሽን አርቀው፣ ከሥሩ ጎማ አድርግ፣ በየወሩ ሻፍቱን በእጅህ ሩብ ዙር አዙርና ሌላ ቦታ ላይ ተወው። ኦሪንጎችንም ከፀሐይና ከብየዳ ቦታ አርቅ፣ ይደርቃሉ።

ፈረቃ መሪው

የደረስኩበት ይሄ ነው። ሰርቮ ድራይቭ አንድ፣ ፒኤልሲ አንድ፣ የኮምፕሬሰሩ የሦስተኛ ደረጃ ቫልቭ ሁለት ስብስብና የፒስተን ፋሻ አንድ ስብስብ፣ መብራት፣ የመሙያው ቫልቮች ጎማ፣ የጊርቦክሱ ኩሽኔታና ኦይልሲል። 1.7 ሚሊዮን አካባቢ መጣ። ቫልቩን የያዝኩት ሁለት ጊዜ ስለቀየርነው ነው። ሁለቱንም ጊዜ የሁለተኛው ደረጃ ግፊት ቀድሞ ከፍ ብሎ ነበር፣ እኛ ግን አላየነውም። አሁን ልጆቹ በየሺፍቱ የሦስቱንም ደረጃዎች ግፊትና ሙቀት እየጻፉ ነው።

የቀረኝ የኮምፕሬሰሩ ክራንክሻፍት ነው። 600,000 ብር ይላሉ። አንድ ኮምፕሬሰር ብቻ ስላለን ያስፈራኛል። ቶርኖ ቤት ይሠራዋል የሚል አንድ አለ፣ አይሠራውም የሚል ሌላ አለ።

አሮጌው ጥገና

አንገቱን ጠርቦ በአንደርሳይዝ ሼል፣ ማለትም ለተጠረበው አንገት ልክ በሆነ ወፈር ያለ ኩሽኔታ፣ መግጠም ይቻላል፣ ሼሉ ካለ ነው። ከተሰነጠቀ ግን አይሆንም። ሼሉ ከአምራቹ በምን ልክ እንደሚመጣ ጠይቀህ ንገረኝ፣ ከዚያ እናስላ። በ40 ባር ኮምፕሬሰር ክራንክ ሲሰነጠቅ በዓይኔ አላየሁም፣ ያየ ሰው ካለ ይጻፍልን።

ኢሱዙ ጋራዥ

የኮምፕሬሰር አላየሁም። የመኪና ግን ዘይት አጥቶ የሞተ ክራንክ ብዙ ጠርበናል። ከመጥረቡ በፊት ስንጥቁን በማግኔትና በብናኝ አስፈትሸው። በዓይን አይታይም።

ፈረቃ መሪው

አመሰግናለሁ። የሼሉን ልክ ለአምራቹ ጽፌያለሁ፣ በዚያው ኢሜይል ላይ ፕሮግራሙንም ጠይቄያለሁ። መልስ ሲመጣ እዚሁ እጽፋለሁ።